ያላነበብኩት የድጋፍ ደብዳቤ

ውድ ጋሼ፣

አለፍኩ! ነጻ የትምህርት ዕድሉን አገኘሁ! የትምህርቱ ክፍያ፣ መኖሪያው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ሳይቀር ተሸፍኗል። ኢሜይሉን ለእናቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት፣ «ለሌላ ሰው የተላከ እንዳይሆን እስቲ ስምሽን እዪ» አለችኝ። ስሜ ነው! ሁለታችንም ጮቤ ረገጥን።

አሁን ልናዘዝ። የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ የጠየቅኩዎ ዕለት፣ ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ራሴው ጽፌ፣ ፊርማ ብቻ ሲቀረው ነበር ያመጣሁልዎ። ራሴን ሳሞግስ ለከት አልነበረኝም፤ «ስህተት የሚባል አታውቅም» እስከማለት ደርሼ ነበር። መነጽርዎን ዝቅ አድርገው አነበቡና፣ «ይቺን ልጅ አላውቃትም» ብለው መለሱልኝ። «የትምህርት ማስረጃሽን፣ ለምን መማር እንደፈለግሽ የጻፍሽውንና የማስታወቂያውን መስፈርት አምጪ። እኔው እጽፈዋለሁ።» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማመልከቻው ላይ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪያችን ኢሜይልዎን አስገባሁ፤ ደብዳቤውን የሚጭኑበት ሊንክ በቀጥታ ለእርስዎ ተላከ። «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» የሚለውም ላይ ምልክት አደረግኩ። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ገጹ አሁንም «አልደረሰም» ይላል። ስደውልልዎ ለካ ሊንኩ ከማስታወቂያ ኮተት ጋር ተደባልቆ ቀርቷል። በማግስቱ «ደርሷል» ሲል ነፍሴ ተመለሰች።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሰብሳቢዋ ወረቀታቸውን ገለጥ አድርገው፣ «አለቃሽ ስለ አርባ ጠርሙስ ውሃ ጽፈዋል። እስቲ ንገሪን» አሉኝ። በቃ፣ ጋሼ ጉድ ሠሩኝ አልኩ።

ምን ማድረግ እችላለሁ? ተናገርኩ። ዓርብ የናሙና ማቀዝቀዣውን በር ሳልዘጋ መሄዴን፤ ቅዳሜ የረሳሁትን ስልክ ልወስድ ስመጣ ክፍቱን አግኝቼ መዝጋቴን፤ ሰኞ ቴርሞሜትሩ ልክ ስለነበር ዝም ብል ማንም እንደማያውቅብኝ። ሆኖም ለእርስዎ መንገሬን፣ ሌሊቱን የሞቁትን አርባውንም ጠርሙሶች ደፍቼ ከየውሃ ጉድጓዱ እንደገና መቅዳቴን።

«ታማኝ ናት የማይል ደብዳቤ አልደረሰንም» አሉ ሰብሳቢዋ። «እንዴት እንዳወቁ የነገሩን ግን ያንቺ አለቃ ብቻ ናቸው።»

ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ሰኞ ተቀይመውኝ የቀሩ ይመስለኝ ነበር! «ሂጂና ድጋሚ አምጪ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣዎትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባየሁዎ ቁጥር አንገቴን ስሰብር፣ እርስዎ ለካ በበጎ ይዘውልኝ ኖሯል። እናቴ ስትሰማ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች፤ ቀጥላም አለቀሰች።

የምሄደው በሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያ በፊት ቢሮዎ መጥቼ በአካል አመሰግንዎታለሁ፤ የደብዳቤውን ቅጂ ግን እንዳያሳዩኝ። ከነጥፋቴ አይተውኝ ስምዎን እንደፈረሙልኝ ማወቄ ይበቃኛል።

አክባሪዎ፣
የናሙና ክፍል ረዳትዎ