ከነስፋቱ ግንባርሽ

ይድረስ ለእህቴ። አገር ቢለየንም ሰላምታዬ ደጅሽ ይድረስ። ሁላችንም ደህና ነን፤ የእናታችንም ጉልበት ተሽሏታል፤ የልብስ ስፌቴም ሥራ አላጣም።

ፎቶሽ ደርሶናል። አንቺ ግንባርሽን በመዳፍሽ ሸፍነሻል፤ እጮኛሽ አጠገብሽ ይስቃል። «ግንባርሽ ኳስ ያጫውታል ይለኛል፤ ለቀልድ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እሺ።

ምክር ስለጠየቅሽኝ ልንገርሽ። ሹሩባሽን አጥብቀሽ አትሠሪው፤ ከሥሩ እየሳበ የፊቱን ፀጉር ያሳሳዋል። ካመመሽ ጠብቋል ማለት ነው። ፀጉርሽን ከመሀል ሳይሆን ከጎን ክፈዪው። ግንባርሽ ላይ የሚወርድ ፀጉር ማስቀረት ካማረሽ ደረቁን ቁረጪ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ቅንድብሽንም አታቅጥኚው፤ ሞላ ሲል ዓይን እሱ ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ ግን አንቺን ደስ ካለሽ ብቻ። ድሮ ስትስቂ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ሰሞኑን በስልክ ሳቅሽን አልሰማሁትም፤ መስመሩ ይሆናል።

ስትመጡ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስይዤ በር ላይ እቆማለሁ። የኔ ግንባር ካንቺ እንደሚበልጥ ታውቂያለሽ፤ ቀልዱን ከእኔ ይጀምር። ብቻሽን ብትመጪም አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው።

ግንባርሽን ከነስፋቱ ስሜዋለሁ።

ታላቅሽ