የአሥራ ሁለት ሰዓት መልእክት

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡30
ቤት ጠርጌ ጨረስሁ። ስልኩን እንደገና አየሁት። ደብተሬ፣ አትሳቅብኝ። በቅርቡ ልቤ የለመደው ደምሴ ጂንካ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍር ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆነው። ገና አራት ይቀራል። ካምፑ ኔትወርክ የለውም፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ኮረብታ ወጥቶ ነው የሚያነበውም የሚልከውም። የትናንቱ፦ «ማርያም ቀድማኝ የሳመችሽ ቦታ ደህና ናት?» አንገቴ ላይ ያለችውን ምልክት ማለቱ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፊቴ ጋለ።

ጥቅምት 5
ደብተሬ፣ እዚሁ አንተ ላይ ረቂቅ ጻፍሁ፤ ሦስቴ ሰረዝሁ። የላክሁት፦ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ፊደል የለየሁት በልጆቼ ደብተር ነው፤ መልእክት ሁሉ እንዲህ የሚጀመር ይመስለኛል። መልሱ፦ «እመቤቴ፣ ይሄ ለቀበሌ ነው ለእኔ?» ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥቅምት 9፣ ማታ
እየገባኝ ነው። አጭር ይሁን። አንድ ነገር ብቻ። ለነገ የሚተርፍ። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ላክሁለት፦ «ዓሣ ሻጩ ቆንጆ አለኝ። ምን ልበለው?» እሱ፦ «እጁን ይታጠብ በይው። የቀረውን ስመጣ እነግረዋለሁ።» የቀረው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አልናገርም አለ። ምሽቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

ጥቅምት 13
«ምን ለብሰሽ ነው የምታነቢኝ?» አለኝ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁት።
ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከሥራ ቦታው ደውሎ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ከመጠየቁ በፊት ትንሽ ሳቀ። ሐይቁ ዳር ስንሄድ ጫማዬን ይዞልኝ የሚስቀውን ሳቅ። አታፍርም፣ ልጆች ይሰማሉ ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ ሲደውል የጤፍ ዋጋና የልጆች ትምህርት ብቻ። በአራተኛው ወር ታሞ መጣ፤ አልተነሣም። ያን ሳቅ ዳግም አልሰማሁትም።

ጥቅምት 15
ሁለት ቀን አልመለስሁለትም። የደምሴ መልእክት፦ «ካስከፋሁሽ ይቅር በይኝ። አይደገምም። ስልሳ ሜትር ደርሰናል፤ ድንጋይ ነው።»
ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። የጤፍ ዋጋ ነው።

ጥቅምት 16፣ 11፡40
አሁን ኮረብታውን እየወጣ ነው። ረቂቅ የለም። ቀጥታ ጻፍሁ፦ «አልከፋኝም፤ ደነገጥሁ። ለምን እንደሆነ ስትመጣ እነግርሃለሁ። አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሻለሁ። የጀርባው ቁልፍ፣ እጄ አልደርስበት ብሎ፣ ክፍት ነው። ድንጋዩን ተወውና ይሄን አስብ።»
ላክሁ። ስልኩ ላይ አንድ ምልክት ብቻ፤ ገና አላነበበውም። አሁንም ሳያየው ማጥፋት እችላለሁ።
ልጄ ከሳሎን፣ እማዬ ከማን ጋር ነሽ አለች። ከማንም ልላት ነበር። ከደምሴ ጋር አልኋት። ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሳቀች።
12 ሰዓት። አላጠፋውም። ሁለት ምልክት ሆነ፤ አነበበው። እየጻፈ ነው