ደመናን ለተረጎመው ደባሌ

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ፣ ማለትም ለአንተ፦ ምድጃው ላይ ፀጉር አብቅሎ የከረመው ድስትህ ዛሬ ጠዋት ከነክዳኑ ወደ ቆሻሻ ገንዳ በክብር ተሸኝቷል። ሽታው ግን አልወጣም፤ መስኮቱን ክፍት ተወው።

ከድስቱ የባሰ ያቅለሸለሸኝ ትርጓሜህ ነው።

ታች ያለችው ልብስ ሰፊ የአገሯን ዘፈን ወደ እኛ ቋንቋ መልሳ «አንተ ደመና፣ ፀሐዬን ጋረድካት» ብላ የዘፈነችልኝን ስነግርህ፣ እግርህን ሰቅለህ «ወንድሜ፣ ሕይወቴን አጨለምከው እያለችህ ነው፤ ተዋት» አልከኝ። እኔም ጅሉ ሰላምታ ነፈግኳት። አሁን ቀና ብላም አታየኝ።

ትናንት ሱሪዬን ልወስድ ሱቋ ስገባ ወንድሟን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።

«እኛ አገር ፀሐይ ከብት ትገድላለች፣ የውሃ ጉድጓድ ታደርቃለች። ደመና የምንለው የምንወደውን ሰው ነው። ሴቶች ለሙሽራው የሚዘፍኑት እኮ ነው! ደግሞስ ቀጣዩን ስንኝ አልሰማህም? ‹አትለፈኝ፣ ጉድጓዴ ላይ ውረድ› ይላል።»

ሰማህ? ማን ለማን፣ መቼ እንደሚዘፍነው ሳትጠይቅ፣ ስንኙን እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ የእኛን ክረምት ሰው አገር ወስደህ አዘነብከው። ዝናብ የጠገበ ሰው ደመና ሲያይ የሚታየው ጭቃ ነው። እሷ የምታየው ውሃ ነው።

ዳቦ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

የበርህን እጀታ ማታ በንዴት የነቀልኩት እኔ ነኝ። እተክለዋለሁ።

ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት፤ ወርጃለሁ። ሰማያዊውን ሸሚዝህን ለብሻለሁ። ማብራራት ያንተ ሙያ ነው፤ እኔ አላብራራም።