የልጄን ደረቅ ጸሎት እንደ ክር ስፈትነው

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከጨርቅ ሱቄ

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ስለሚቸኩል ጽሑፌ ካስቸገረሽ ታገሺኝ።

«እግዚአብሔር ትቶኛል ወይም ታምሜአለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ከገዳሙ ልውጣ?» ካልሽኝ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርሽ፤ የተነሣሁት መታመምሽን ላረጋግጥ ነበር። አባትሽ ሲሞት ድባቴ ይዞኝ አልነበር? የዚያን ጊዜ ማስታወሻዬን አውጥቼ ከደብዳቤሽ ጎን ዘረጋሁት። ጥጥና ሰው ሠራሽ ክር መደርደሪያ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ስታቃጥያቸው ግን አንዱ አመድ፣ ሌላው ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

የእኔው እንዲህ ይላል፦ «ዛሬም ከአልጋ አልወረድኩም። ሐርም ጆንያም ለእኔ አንድ ነው። የማልረባ ሴት ነኝ። ባልነቃ ይሻለኝ ነበር።» በሦስት ወር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንዴም የለበትም። መራቁም አላመመኝም።

አንቺም ምንም አያስደስተኝም ትያለሽ፤ ጸሎቱም፣ ከጸሎት ውጭ ያለውም። ስለ ጌታ ሕማም ላሰላስል ስል ሐሳቤ አይሄድም ትያለሽ። ቀን ከሌት የሚያስጨንቅሽ ግን «አስቀይሜው ይሆን?» የሚለው ነው። ደግሞም ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ በሽተኞችን ታጥቢያለሽ። አሮጊቷ እህት ሾርባውን ቀሚስሽ ላይ ስትደፋው አብረሻት ስቀሻል።

ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። «እማማ፣ ሳላያት አልፈርድም» አለኝ። «ድባቴና የጸሎት ድርቀት አብረው ሊመጡም ይችላሉ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላት፣ ራሷን ከጠላች፣ ሞት ካማራት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ይያት። መድኃኒት ከእምነት አያጣላም።» ይህን ያዢልኝ።

ከዚያ የመጋረጃ ጨርቅ ሊገዙ ሱቄ የመጡትን ሽማግሌ መነኩሴ ያዝኳቸው። ደብዳቤሽን አንብበው ፈገግ አሉ።

«ልጄ እያለቀሰች እርስዎ ይስቃሉ?» አልኳቸው።

«የምታለቅሰው ለማን ነው? ያልወደደ ሰው ስለ መራቅ አይጨነቅም። ይህ የነፍስ ጨለማ ይባላል። ጣዕሙ የሚወሰደው ከስጦታው ይልቅ ሰጪውን እንድትወድ ነው፤ እሱ በዝምታ እየሠራባት ነው። ማሰላሰሉ እምቢ ካለ አታስገድደው። ዝም ብሎ በእግዚአብሔር ፊት መቀመጥስ ያምራታል?»

የደብዳቤሽን መጨረሻ ገለጥኩ፦ «ምንም ሳልል መቀመጡን ብቻ አልጠላሁትም።» ከበርጩማዬ ብድግ አልኩ፤ ጨርቅ የምትመርጠው ደንበኛዬ ደነገጠች። አባ እንደነገሩኝ የዚህ ጨለማ ሦስቱም ምልክቶች አሉሽ፤ ጣዕም ማጣቱ፣ ስለ እሱ መጨነቁ፣ ማሰላሰሉ አልሄድ ማለቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ዝም ብሎ የመቀመጥ ፍላጎት! ድባቴ ይህን አላስቀረልኝም ነበር።

ባለፈው «ጸሎትሽን እጥፍ አድርጊ» ያልኩሽን ሰርዢው። ስህተት ነበር፤ ባዶ ጥቅል ብትተረትሪው ጨርቅ አይወጣውም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ስንት ዓመት እንደሚቆይ አባም አያውቁም፤ ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪ።

እንግዲህ መታመምሽን ላረጋግጥ ሄጄ ተሸንፌ መጣሁ። ቆዪ ልጄ። ትመለሻለሽ ብዬ ክፍልሽን ባለፈው ሳምንት ቀለም አስቀብቼው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት የመጋረጃ ጥቅል አስገባሁበት። ቀለሙ ቢጫ ነው፣ ያምራል።

የማይታይሽ እሱ ይይሽ፤ ዝምታው ይደግፍሽ።

እናትሽ