የሃያ ሰከንዱ ባዶ ቦታ

ይድረስ ለልጄ። ብዕሩን የያዘችው አክስትህ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እንዴት ሰነበትህ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

ማተሚያ ቤቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ወረቀት ከቆረጥኩለት በኋላ በጡረታ ሊሸኘኝ ነው። ለሽኝቱ ቪዲዮ ይሠራለት ተብሎ አንዲት የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊ ታዘዘችብኝ። መጀመሪያ ባልደረቦቼን ቀረጸች፤ ከዚያ ከንግግራቸው የሚበጀውን መርጣ፣ በወረቀቷ ግራ ፎቶውን፣ በቀኝ ንግግሩንና ሙዚቃውን ደረደረች። ስታነብልኝ ሁሉም "ጥሩ ሰው ነበር" ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ዋሽንት። "የጡረታ ነው የቀብር?" አልኳት። ዋሽንቱን አወጣችው።

እኔን ስትቀርጽማ ነፍሴን አወጣችው። የእሷ ድምፅ ስለሚቆረጥ ጥያቄዋን ከመልሴ ጋር አብሬ መናገር አለብኝ። "ስንት ልጅ አለዎት?" ስትል "አንድ" ማለት አይበቃም፤ "አንድ ልጅ አለኝ" ነው። "አሁን የት ነው?" አለችኝ። "ሥራ ላይ" አልኩ። "አባባ፣ ሙሉውን ይበሉ፤ ‘ልጄ አሁን...’" መብራቱ ዓይኔን ወጋኝና አስጠፋኋት።

የወረቀቷ መጨረሻ ላይ "ልጃቸው ይናገራል፣ ሃያ ሰከንድ" ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልላክህ በፎቶህ ላይ ሙዚቃ ላድርግበት አለችኝ። በልጄ ፎቶ ላይ ሙዚቃ አይደረግም፣ ባዶውን ተዪው አልኳት። ነፋስ የሌለበት ቦታ ቁም፤ ስልኩን አጋድመህ፣ ብርሃኑን ፊት ለፊትህ አድርገህ ተቀረጽ። "ሰላም" ብትልም ይበቃል። መልስ ያልመጣላቸውን ያለፉትን ሦስት ደብዳቤዎች ፖስታ ቤቱ ነው የጣላቸው፤ ሰነፎች ናቸው።

የቤቱ ሁሉ ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ።

በይ እህቴ፣ አንብቢልኝ። ምነው ሳታነቢ ወረቀቱን አጠፍሽው?