የሁለት ስምንተኛ ወር ዓመት

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እናትሽ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው አሁንም ክር በመርፌ ያስገባል? የሞላሚያይን ከተማን ሙቀት አውቀዋለሁና በቀትር ገበያ አትውጪ። እኔ በሕይወት አለሁ። ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጧት በደረቅ ዓሣ ነጋዴዋ እጅ ደረሰኝ። ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ቆይቷል። በሩ ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት። «ልጅህን እንዴት አገኘሃት? እንደ አንተ ተከራካሪ ሆናብህ የለም? ቃሪያ ከሌለው ሾርባ እንደማትቀምስ ነግራህ ይሆናል» ብለሻል። ነጋዴዋ ፊቴን አይታ «መምህር፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለችኝ። የቀን ጉዳይ ነው አልኳት። «እሰይ፣ የቀን ከሆነስ ግድ የለም፤ ቀን መቼ አልቆ ያውቃል!» ብላ ሳቀችና ቅርጫቷን ተሸክማ ሄደች።

ልጃችን ሚ ቶ እኔ ዘንድ የለችም። አልደረሰችም። ከሁሉ በፊት ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ጻፍኩት። አሁን ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

የተስማማነውን ላስታውስሽ። ስሟ ወታደሮቹ በሚፈልጓቸው ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ስለወጣ ቤት ልታኖሪያት እንደማትችዪ ጻፍሽልኝ። በበዓሉ ዕለት ከማዶ ያለው ሰው ሁሉ ለስለት የድንበሩን ወንዝ ስለሚሻገር ወታደሮቹ ወረቀት አይጠይቁም፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀላቅላ ትሻገር፣ የእኔን ስም ግን ለማንም እንዳትጠራ፣ ነጭ ጃንጥላ የያዘ ሰው በማቋረጫው ይጠብቃታል አልሽ። እኔም «በበዓሉ ዕለት ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነኝ» ብዬ መለስኩልሽ። በቃ። «በበዓሉ ዕለት።» የወሩን ስም አልጻፍኩም። ቁጥር ጽፎ ሜትር ይሁን ኪሎ ላልገለጸ ተማሪ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜሮ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አንቺ የላክሻት በካሶን ወር ሙሉ ጨረቃ ነው። እኔ ስጠብቃት የነበረው ለነገ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል እንደምትዪ አውቃለሁ። ጌታ ቡድሃ የተወለደበት፣ የነቃበትና ያረፈበት ቀን አንድ ነው፤ ጨረቃዋም አንድ ናት፤ ታዲያ ሁለት ቀን ከየት መጣ? ቁጭ ብዬ ላስረዳሽ። ማስረዳት እንጂ ሌላ የምችለው ነገር እንደሌለ ስትነግሪኝ ኖረሻል።

ጨረቃ ከሙላት እስከ ሙላት ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። ግማሽ ቀን ስለማይቆጠር አንዱን ወር ሃያ ዘጠኝ፣ ቀጣዩን ሠላሳ እያደረግን እንሄዳለን። አሥራ ሁለቱ ወር ሲደመር ሦስት መቶ ሃምሳ አራት ቀን ይሆናል፤ ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ይጎድለዋል። ዝም ብንለው የመነኮሳቱ የዝናብ ሱባዔ ከጥቂት ዓመት በኋላ በደረቁ ወቅት ላይ ይውላል። ስለዚህ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨመራል። እስከዚህ ድረስ እናንተና የዚህ አገር ሰዎች አንድ ናችሁ። የሚጨመርበት ቦታም አንድ ነው። እናንተ ዋሶ የምትሉትን ወር ትደግማላችሁ፤ እዚህ ስምንተኛውን ወር ይደግማሉ፤ ያው ጨረቃ ነው። የእናንተ ካሶን እዚህ ስድስተኛው ወር ይባላል።

አሁን ልብ በዪ። በእናንተ ዘንድ ጭማሪው ከካሶን በኋላ ስለሚመጣ ካሶንን አይነካውም። ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ይኑረው አሥራ ሦስት፣ በዓሉ የካሶን ሙሉ ጨረቃ ነው። እዚህ ደግሞ በዘወትር ዓመት በስድስተኛው ወር ሙሉ ጨረቃ ይውላል፤ ከእናንተ ጋር ቢለያይ በአንድ ቀን ነው። ዓመቱ ሁለት ስምንተኛ ወር ካለው ግን ጭማሪው ገና ሳይደርስ በዓሉ ወደ ሰባተኛው ይገፋል። ምክንያት አላቸው፤ መጥፎ ምክንያትም አይደለም። ከዚህ በዓል እስከ ሱባዔው መግቢያ ዋዜማ ምንጊዜም ሁለት ወር እንዲሆን ይፈልጋሉ። ዋዜማው ወደ ሁለተኛው ስምንት ሲሸሽ ይህኛውም አብሮት ይሸሻል። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት አብረን ነበር ያከበርነው፤ የሚመጣውም ዓመት አብረን ነው። ዘንድሮ ብቻ።

ሌላው አገር ሌላ ነው። ህንዶች እንደ እኛ ሃያ ዘጠኝ ሠላሳ እያሉ አይሄዱም፤ ጨረቃ ከፀሐይ ፊት ለፊት የምትቆምባትን ቅጽበት ያሰላሉ፤ ጭማሪ ወራቸውም በአንድ ቦታ የታሰረ አይደለም፣ ፀሐይ አዲስ ኮከብ ቤት ባልገባችበት ወር ላይ ይወድቃል። እዚህ መንገድ ዳር ያሉት ቻይናዎች ደግሞ ሙሉ ጨረቃውን እንኳ አይጠብቁም። ባለፈው ሳምንት በአራተኛው ወራቸው ስምንተኛ ቀን ሕፃኑን ቡድሃ በአበባ ውኃ ሲያጥቡ ነበር። ባለሱቁ «መምህር፣ እናንተ ገና ናችሁ? እኛ እኮ ጨርሰን ዕቃውን አጥበናል!» ሲለኝ ከልቤ ስቄ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስስቅ ነበር።

ይህን ሁሉ የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ ይቅር ትዪኝ ነበር። የዚህን ደብር የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ለአበምኔቱ በየዓመቱ የማሰላው እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ስምንት በቀይ ቀለም የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር ያንቺን ወር በልቤ «የድሮው ቁጥር» እለው ጀመር። ዝርዝሩን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አንቺ በየትኛው እንደምትኖሪ ግን ረሳሁ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወደ ማቋረጫው ሮጥኩ። ሶ ባ ሌይ የሚባል ከካረን ሕዝብ የሆነ ታንኳ ቀዛፊ አለ። በካሶን ሙሉ ጨረቃ አንዲት ወጣት አሻግረህ ነበር ወይ አልኩት። «መምህር፣ የዚያን ቀን እኮ ያሻገርኩት ሴት ብቻ ነው፤ ታንኳዬ ጡት አውጥታ ነበር!» አለኝ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ መቅዘፊያውን አስቀመጠ። ከዚያ ትንሽ አሰበና አንዷን አስታወሰ። በማለዳ ወርዳ፣ ሌሎቹ ማሰሮ ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወጡ እሷ ከማቋረጫው ዳር ካለው ጥጥ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ተቀመጠች። ውኃ ሰጣት። «የምትጠብቂው ባል ነው?» ብሎ ቢቀልድባት «ባልስ ይመጣ ነበር» አለችው። በኋላ ተነስታ ሰዎቹ ወደሄዱበት ሄደች። ማታ ተመልሳ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ማታማ ሁሉም ይገፋፋል፤ ማንን ለይቼ ላይ?» አለኝ። በማግስቱ ከማዶ ያለው መንደር ተቃጠለ። ይህን ሰምተሻል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ገብቶ ወንዙ ሞልቷል።

የስደተኞቹን ካምፕ መዝገብ አስፈለግሁ፤ የለችም። የስፌት ፋብሪካዎቹን በር በር ዞርኩ። ክሊኒኩ ጋ ሄድኩ። የሞን ብሔር ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እያልኩ። ቁመቷን ሲጠይቁኝ እጄን አነሳሁና የቱ ጋ እንደማቆመው አላወቅሁም። እኔ የማውቃት የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጻፍልሽ። ለምን እንደምጽፈው አትጠይቂኝ።

በዚያ ቀን፣ በካሶን ሙሉ ጨረቃ፣ ከሰዓት በኋላ በበርማዎቹ ደብር በኩል አልፌ ነበር። በግቢው ጌታ ቡድሃ የነቃበት ዓይነት ዛፍ አለ፤ ሴቶቹ ለበዓሉ በሰልፍ ውኃ ያጠጡታል። ሙቀቱ ቅጠሉን አጠውልጎታል። ዶ ንዩን፣ ያቺ ሻይ ቅጠል የምትሸጠው፣ ማሰሮዋን ከፍ አድርጋ «ኑ መምህር፣ አንድ ጽዋ አፍስሱ፤ ለሚመጣው ሕይወትዎ ይሆናል፤ ምናልባት ያኔ ሳቂታ ሆነው ይወለዱ ይሆናል!» አለችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔን ታውቂኛለሽ። ቆሜ ማስተማር ጀመርኩ። በዚህ አገር መሬት ቆማችሁ በዚህ አገር ቁጥር አክብሩ፣ ዘንድሮ ሁለት ስምንተኛ ወር አለ፣ በዓሉ ገና ነው፣ ዛሬ የምታጠጡት ውኃ ሠላሳ ቀን ይቀድማል አልኩ። ዶ ንዩን «ዛፉ እኮ የጠማው ዛሬ ነው፣ መምህር» አለችኝ። እሱንም አረምኩት።

ከሰልፉ ዳር ማሰሮ ያልያዘች አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። ፊቷ እንደ ሁሉም ሴት በታናካ፣ በዚያ ቢጫ የቅርፊት ቅባት፣ ተለቅልቋል። እጆቿን አጣምራ በትሕትና «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ሰው በበዓሉ ዕለት እጠብቅሻለሁ ብሎኝ ነበር። ታዲያ ዛሬ አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ። የሞን ቅላጼ ነበራት። እኔም፣ «ሰውየው መቁጠር የሚችል ከሆነ ዛሬ አይመጣም። በሰባተኛው ወር ሙሉ ጨረቃ ተመለሺ፤ የዛሬ ሠላሳ ቀን» አልኳት። በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ከዚያ ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ፤ «እንደሱ ከሆነስ አልተረሳሁም» አለች።

እንዲህ አለች። ይህን ቃል ዛሬ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ወደ ዶ ንዩን ተመልሼ ክርክሬን ጨረስኩ። የልጅቷን ፊት አላየሁትም። ቀለሙ ነው የከለከለኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት ነው። የምናገረው ለዛፉ ነበር።

ወንዙ እየሞላ ነው። ሶ ባ ሌይ ነገ ውኃው ካልቀነሰ ታንኳውን እንደማያወርድ ነግሮኛል። ያን ማታ ወደ ማዶ ተመልሳ ከሆነ የሚያሻግራት እንዳይጠፋ ልብሴን አስይዤ፣ ለምኜ፣ ሰድቤ እንዲያወርድ አስማምቼዋለሁ። እኔ ከንጋት በፊት ጥጥ ዛፉ ሥር እሆናለሁ። ነገ ባትመጣ ከነገ ወዲያም እቀመጣለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ሙሉ ጨረቃ የመጀመሪያው ስምንተኛ ወር ነው፣ ከዚያም ሁለተኛው ይመጣል። ሰው ቆጠራ ቢሳሳት ከእነዚህ በአንዱ ይመጣል።

ለእናትሽ ገና አትንገሪያቸው። እርግማንሽን አልከለክልሽም፤ ሲደርሰኝ እቀበለዋለሁ። ቢቻልሽ ግን ይህ በደረሰሽ ማግስት አንድ ማሰሮ ውኃ በደብራችሁ ወዳለው ዛፍ ውሰጂ፤ ቀኑ አይደለም የሚል ቢመጣ አትስሚው። ሦስቱ ዕንቁዎች፣ ቡድሃ፣ ሕጉና ማኅበሩ፣ ቤትሽን ይጠብቁ፣ ወገብሽን ያበርቱልሽ፣ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ በደረቅ መሬት ያራምዱት።

ሚ ቶን መቁጠር ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ እኔ አልነበርኩም። በደንብ አስተምረሻት እንደሆነ ነገ አውቃለሁ።

የልጅሽ አባት