የጎርፉ ዓመትና የአባታችን ስም

ለታናሽ ወንድሜ፥ ደማስቆ

የአላህ ሰላምና እዝነት ለአንተ፥ ለባለቤትህና ለልጆችህ ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሳል እንዴት አደረገህ? ሳልህን ባሰብኩ ቁጥር በአራት መቶ ዘጠና ዓመተ ሂጅራ እኔ ቤት የተኛህበት ትኩሳት ትዝ ይለኛል። ከሙሐረም ጀምሮ፥ የሰፈርን ወር ሁሉ፥ ረቢዕ እስኪገባ ድረስ ከአልጋ አልወረድክም። ሮማን እየጨመቅሁ በማንኪያ አጠጣህ ነበር፤ አንተም «ወንድም ዓለም፥ ይሄ ነገር ከበሽታው ይመራል» እያልክ ፊትህን ታዞር ነበር። ያን ጊዜ ነፍስህን ስለተወልን አላህን አሁንም አመሰግነዋለሁ።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባግዳድም እንደተውካት ናት። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ከቤት የምወጣው ለሰላትና ለዳቦ ብቻ ነው። የሩወይምን የሐዲስ ዘገባ መጽሐፍ ብቻ ግን ደጄን ለሚያንኳኳ ሁሉ አሰማ ነበር። ምክንያቱን ታውቀዋለህ፤ ሩወይም ለአባታችን አነበበ፥ አባታችን ለእኔ። በመካከል አንድ ሰው ብቻ። በዚህ ዘመን ከዚህ ያጠረ ሰንሰለት ያለው የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ሲሉ ከመርው ድረስ በእግራቸው የሚመጡ ልጆች ነበሩ።

ነበሩ ያልኩት አሁን ስለማይመጡ ነው። የመጨረሻው ቁረይሽ የሚባል ቀይ ጺም ያለው የመርው ልጅ ነበር። መጽሐፉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አንድ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ፥ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ሸይኼ፥ አይቀየሙኝ። አገሬ ስመለስ ከማን ሰማህ ይሉኛል። ከኸለፍ ልጅ ስል ይስቁብኛል።»

«ለምን ይስቃሉ?»

«ኸለፍ ከሞተ ሰው ነው የሰማው ይሉኛላ!»

ተቆጣሁ። «ማን ነው እንዲህ የሚለው?» ስለው የሙፈረጅ መጽሐፍ መሆኑን ነገረኝ። «እግሬ ቆስሎ፥ ስንቄ አልቆ፥ ከሙት ሰው ሰማሁ ብዬ ልመለስ?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። አልፈረድኩበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ጫማዬን አላወልቅም ነበር።

የሙፈረጅን መጽሐፍ አንተም ሳታየው አልቀረህም። የሐዲስ ዘጋቢዎችን ሁሉ ታሪክ በስማቸው ፊደል ቅደም ተከተል እየጻፈ ነው፤ ማን ከማን እንደሰማ፥ ማን ከእሱ እንደሰማ፥ ሰዎች ስለ እሱ ምን እንዳሉ፥ መቼ እንደሞተ። አንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር ይገለበጥና ወደየአገሩ ይሄዳል። አባታችን ያለበት ክፍል ዘንድሮ ወጣ። እንዲህ ይላል፦ «ኸለፍ፥ የባግዳድ ሰው፤ ከሩወይም ሰምቻለሁ ይል ነበር። ሩወይም ግን በአራት መቶ አርባ ሞተ፤ ኸለፍ ሰማሁ የሚለው በአርባ አንድ ነው። የማምነው ሰው እንደነገረኝ፥ ስለ ዓመቱ ሲጠየቅ ጆሮውን እያሸ ውሃው ዓመታቱን አደባልቆብኛል ይል ነበር። ደካማ ነው።»

ይኸው ነው። የስልሳ ዓመት ትጋት «ደካማ ነው» በሚል ቃል ተዘጋ።

ሙፈረጅ ቤት ሄድኩ። የዓመታቱን ታሪክ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዶ ፊቴ ዘረጋው። አራት መቶ አርባ የሚለው ርዕስ ስር የዳቦ መወደድ አለ፥ የሁለት ሰፈር ጠብ አለ፥ ከዚያ የዋሲጥ ጎርፍ። «ውሃው የሩወይምን ቤት ወሰደ፤ መጻሕፍቱ ጠፉ፤ በሰው ቤት ተጠግቶ ኖረ፤ በሐዘንም ሞተ፥ አላህ ይማረው» ይላል። ቀጥሎ አርባ አንድ።

«አዩት?» አለኝ፥ ጣቱን ርዕሱ ላይ አሳርፎ።

«አየሁት። አንተ ግን ርዕሱን ብቻ ነው ያየኸው። ተጠግቶ ኖረ የሚለውን ምን አደረግኸው? በአንድ ዓመት መጨረሻ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በዚያው ዓመት ተጠግቶ ኖሮ፥ አዝኖ፥ ሞቶ ይጨርሳል እንዴ?»

መጽሐፉን ወደ ራሱ አዙሮ እንደገና አነበበው። እኔና አንተ ይህን የተማርነው በልጅነታችን ነው፤ አባታችን በዚሁ ገጽ ነበር ያስተማረን። ታሪክን በየዓመቱ ከፍሎ የሚጽፍ ሰው አንድን ታሪክ ለሁለት ቆርጦ አንባቢውን ላለማንከራተት፥ ታሪኩ በተጀመረበት ዓመት ስር እስከ ፍጻሜው ይነግረዋል። በሰው ስም የሚጽፈው ደግሞ የሚፈልገው የሞቱን ዓመት ብቻ ስለሆነ፥ ይመጣና ከላይ ያለውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። በዓመታት መጽሐፍ ውስጥ አባታችን ስም እንኳ የለውም፤ ጎርፉ ይበቃዋል። በስም መጽሐፍ ግን የራሱ በር አለው፤ ኸለፍን የሚፈልግ ሁሉ በዚያ በር ይገባል። ሙፈረጅ ጭቃ የቀባው በሩን ነው።

«የዓመቱ ነገር ብቻ ቢሆን እተወው ነበር፤» አለኝ በመጨረሻ። «ሰው ነግሮኝ ነው እንጂ።»

«ማን?»

«የማምነው።»

«ሙፈረጅ፥ ስሙ ያልተጠራ ሰው ታማኝ አይባልም። ስሙን ጥራውና እኛም እንመዝነው። ይህን ለተማሪዎችህ አንተው ራስህ ታስተምራለህ አይደል?»

ሳቀና «አሁንም ያው አስተማሪ ነዎት» አለ። ስሙን ግን አልጠራም።

በዚህ ዕድሜዬ በጀልባ ዋሲጥ ወረድኩ። ስትሰማ ትስቅ ይሆናል። የሩወይም የልጅ ልጅ አንዲት አሮጊት በሕይወት አገኘሁ። እናቷ እንደነገረቻት አያቷ ከጎርፉ በኋላ ጥጥ ነዳፊዎች ሰፈር ሰገነት ተከራይቶ ልጆችን ሁለት ዓመት አስተማረ፤ የሞተውም በአርባ ሁለት ነው። ከተማው ማዶ ደግሞ አንድ ጥጥ ነዳፊ አባቱን ጠቅሶ፥ «ሰገነታችን ላይ አንድ ሸይኽ ነበር፤ ከጎርፉ በኋላ ሁለት በጋ ብናኙ እያሳለው ያስተምር ነበር» አለኝ። አሮጊቷና ነዳፊው ስም ለስም እንኳ አይተዋወቁም። ሳይማከሩ አንድ ቃል ከተናገሩ ሁለት ሰዎች የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? አባታችንም የሩወይምን ንባብ ሲያስመስል በየመካከሉ ያስል እንደነበር ታስታውሳለህ። እኛ ለማሳቅ የሚያደርገው ይመስለን ነበር።

ይህን ለሙፈረጅ ወሰድኩለት። አዳመጠኝ፥ አመነኝም። «እኔ ዘንድ ያለው ቅጂ ህዳግ ላይ እጽፈዋለሁ» አለ። የወጡት ቅጂዎችስ ስለው «እነሱማ ኢስፋሃንና ግብጽ ገብተዋል፥ ምን ላድርግ?» ብሎ ቴምር አቀረበልኝ። ቴምሩን አልበላሁም። ጥፋቱ አገር ይዞራል፤ እርማቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

የቀረኝ ያ ጆሮ ማሸት ነበር። የልማዴን አደረግሁ። ይህን ወሬ የሚያወራ መንገደኛ በመጣ ቁጥር «አንተ ከማን ሰማህ? እሱስ?» እያልኩ ወደ ኋላ ተከተልኩት። የሞሱሉ መጽሐፍ ገልባጭ ከአጎቱ፥ አጎቱ ደማስቆ ከአንድ አስተማሪ። የሐለቡ ነጋዴ ከጎረቤቱ፥ ጎረቤቱ ደማስቆ ከአንድ አስተማሪ። ለሙፈረጅ ወሬውን ያደረስኩት እኔ ነኝ ያለኝ ሐጅ ተጓዥ ደግሞ ራሱ ደማስቆ ተቀምጦ የሰማ ነው። ሦስቱም የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ ሦስቱም ግን አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ከእሱ ወዲህ ይበተናሉ፥ ከእሱ ወዲያ የለም። ሐጅ ተጓዡን «አስተማሪው የት ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ጠየቅሁት። «መስጊዱ ውስጥ፥ በምዕራቡ በር በኩል። ቀልደኛ ሰው ነው፥ ይወዱታል» አለኝ።

አንተም የምታስተምረው እዚያው ስለሆነ ሰውየውን ሳታውቀው አትቀርም። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

አባታችን ያን የውሃውን ነገር የተናገረው አንድ ምሽት ምስር እየበላን ነው። ተሳስቶ አልነበረም፤ ሲቀልድ ነው። እናታችን «የዋሲጥ ሰዎች እስከ አሁን ልብሳቸው አልደረቀም» ብላ ስትስቅበት፥ እሱ ጆሮውን እያሸ መለሰላት። ያን ማታ ማዕድ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ሁለቱ አፈር ገብተዋል። እኔ ደግሞ ጆሮውን ሲያሽ የነበረውን ፈገግታ ሳልጨምር ይህን ታሪክ ተናግሬ አላውቅም።

እዚህ ተማሪዎቹ እንደሚሉት ከሆነ፥ ኸለፍ ከተሰረዘ በኋላ ከሩወይም በአንድ ሰው ብቻ የሚለየው አንድ አስተማሪ ቀርቷል። እሱም አንተ ነህ፤ በባለቤትህ አባት፥ በአማትህ በኩል። አማትህ በልጅነታቸው ከረቃ ከተማ ወደ ዋሲጥ ወርደው፥ ጎርፉ ሳይመጣ ከሩወይም ሰምተዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ቁረይሽም ከእኔ ደጅ ቀጥታ ወደ አንተ ሄዷል። እግሩ ቆስሏልና ዘይት ቀባለት።

አንድ ጉዳይ ላማክርህ ነበር። የስምህ ፊደል መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሙፈረጅ አንተ ጋ የደረሰው አሁን ነው። ባለፈው ጁምዓ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ወንድምዎ ከአማታቸው በሙሐረምና በሰፈር ወር፥ በአራት መቶ ዘጠና፥ ረቃ ላይ ሰማሁ ይላሉ። አማትየው የሞቱት በዚያው ሰፈር ወር ነው። መቼም ሳያገኟቸው አልቀሩም። እርስዎ ታላቃቸው ነዎትና ልጠይቅዎ፤ ያን ብርድ ወንድምዎ የት ነበሩ?» አለኝ።

የሸምበቆ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠበቀኝ።

ወንድም በወንድሙ ላይ የሚሰጠው ቃል ተቀባይነት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ቂም አለበት ይባላል። ለዚህ ብዬ ዛሬ አልናገርም አልኩት። ሙፈረጅ ግን እንደምታውቀው አይሰለችም። ከዒድ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል። ይህን ደብዳቤ የያዘው ነጋዴ ከዒድ በፊት መልስህን ይዞልኝ ሊመለስ ቃል ገብቷል።

እኔ ሸምግያለሁ፤ የማስታውሰው የሮማኑን ጭማቂ ብቻ ነው። ምን ልበለው? አንተው ጻፍልኝ። አባታችን በየትኛው ዓመት ከማን እንደሰማም፥ በምዕራቡ በር ተቀምጠህ፥ ሰው በተሰበሰበበት፥ እነዚያ የሚወዱህ ሁሉ እየሰሙ ተናገር። ከዚያ በኋላ እኔም የምለውን አውቃለሁ።

አላህ ሳልህን ያንሳልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። ምላስህንም በእውነት ያኑርልህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ አባቷ በሞቱበት ሰፈር ወር ሐዘኗን ለብቻዋ እንደተወጣች ሁልጊዜ አስባለሁ።

የኸለፍ የበኩር ልጅ፥
ከእሱ የሰማው